የፎቶግራፍ ዝርዝር የሚመሰክረውና የማይመሰክረው

በስልካችን የከፈትነውን ፎቶግራፍ በጣታችን ወደ ላይ ስናንሸራትተው የሚገለጠው የዝርዝር ገጽ፣ ሥዕሉ የተነሣበትን ዕለትና ሰዓት፣ የካሜራውን ዓይነት፣ አንዳንዴም ሥፍራውን በካርታ ያሳየናል፤ ነገር ግን ይህን ሁሉ የሚመዘግበው መሣሪያው ራሱ ስለ ሆነ፣ ምስክርነቱ መሣሪያው በዚያች ቅጽበት ስለ ነበረበት ሁኔታ እንጂ በፊቱ ስለ ቆመው ነገር አይደለም።

እስቲ አንድ ሰው «ትናንት ቦሌ የደረሰ ጎርፍ» ብሎ ሥዕል አቀረበልን እንበል፤ ዝርዝሩም የትናንቱን ቀንና ቦሌን ያሳያል። ሰውየው ከብዙ ዓመት በፊት የተነሣን ሥዕል ከኮምፒውተር ስክሪን ላይ በስልኩ ደግሞ አንሥቶት እንደ ሆነ፣ ቀኑም ካሜራውም ሥፍራውም እውነተኞች ሆነው ሳሉ ጎርፉ ግን የትናንት አይደለም። ስለዚህ እኔ ከዝርዝሩ አስቀድሜ ሥዕሉን አጉልቼ፣ ከስክሪን ላይ የተነሣ ፎቶ ብዙ ጊዜ የሚያሳየውን እንደ ማዕበል የተጠላለፈ ቀጭን መስመርና የመስተዋት ነጸብራቅ እመረምራለሁ፤ ይህ ምልክት አለመታየቱም ቢሆን ሥዕሉን ንጹሕ አያደርገውም።

በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ሥዕል የካሜራውንና የሥፍራውን መዝገብ ስለሚያጣ፣ ገጹ የሚያሳየን ቀን ወደ ስልካችን የወረደበት ሊሆን ይችላል፤ የዝርዝሩ መጥፋትም ብቻውን የሐሰት ማስረጃ አይደለም። ዋናውን ቅጂ እንደ ፋይል እንዲልኩልኝ የምለምነው ስለዚህ ነው፤ ሆኖም በአይፎን ከቀኑ አጠገብ ያለችው «Adjust» የምትባለው ቃል ስትነካ ቀኑን ማንም እንደ ወደደ ይለውጠዋልና፣ የዋናው ቅጂ ቀን እንኳ የሰማዩን ሁኔታና የሌሎች ዓይን ምስክሮችን ሥዕል ይሻል።