ስድስት ምዕራፍ በአንድ ሌሊት

አንዲት የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እናስብ። ሰዓቱ ከምሽቱ 1 ሆኗል፤ የ«ሎጂክ ኤንድ ክሪቲካል ቲንኪንግ» ሞጁል አልጋዋ ላይ ተዘርግቷል፤ ፈተናው ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። ሞጁሉ ስድስት ምዕራፎች አሉት። እንዲህ ባለ ምሽት ብዙ ተማሪ ከገጽ 1 ይጀምራል። የመጀመሪያው ምዕራፍ የፍልስፍና መግቢያ ስለሆነ ደስ እያለ ይነበባል፤ ሰዓቱ ግን አይጠብቅም። እኩለ ሌሊት ሲሆን ተማሪው ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል። ብዙ ጥያቄ የሚወጣባቸው የመጨረሻዎቹ ሁለት ምዕራፎች ሳይገለጡ ያድራሉ።

ይህች ተማሪ ግን የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ምንም አታነብም። ኮርስ አውትላይኑን በአንድ ወረቀት ላይ ታሳጥረዋለች። በእያንዳንዱ ምዕራፍ አጠገብ ሦስት ነገሮች ትጽፋለች፦ ክፍል ውስጥ ስንት ክፍለ ጊዜ ወሰደ፣ የምዕራፉ ዓላማ «አብራሩ» ይላል ወይስ «ለዩ»፣ ካለፉት ዓመታት ፈተናዎች በስንቱ ላይ ታየ። ሁለተኛው ነገር ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ የሚያስፈልገው ግን እሱ ነው። «ለዩ» የሚል ዓላማ ለምርጫ ጥያቄ የተመቸ ስለሆነ አስተማሪው አራት አማራጭ ለማውጣት አይቸገርም። «አብራሩ» የሚለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ለጽሑፍ ጥያቄ ይሄዳል።

ሦስተኛው ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። በእጇ ያሉት የድሮ ፈተናዎች ሦስት ብቻ ናቸው እንበል። አንድ ርዕስ በሦስቱም ላይ ከታየ «ነገም መምጣቱ አይቀርም»፣ በአንዱም ላይ ካልታየ «አይመጣም» ማለት ያምራል። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ላፕላስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ አንድ ቀላል ቀመር ሠርቶ ነበር፦ የታየበት ጊዜ ላይ 1 ደምር፣ ጠቅላላው ቁጥር ላይ 2 ደምር፣ ከዚያ አካፍል። ከሦስቱ በሦስቱም የታየ ርዕስ 4 ለ5 ይሆናል፣ ማለትም ከመቶ 80። አንድም ጊዜ ያልታየው 1 ለ5 ይሆናል፣ ማለትም ከመቶ 20። በሦስት ፈተና ብቻ ተመሥርቶ «መቶ በመቶ» ወይም «ዜሮ» ማለት አይቻልም፤ ቀመሩ የሚያደርገው ይህንን ድፍረት መቀነስ ነው። አስተማሪው ዘንድሮ ከተቀየረ የድሮዎቹ ፈተናዎች ዋጋ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ክፍለ ጊዜውና ዓላማው ይበልጥ ይታመናሉ።

ከዚህ ግምት በኋላ ነው ትልቁ ስሕተት የሚመጣው። የመውጣት ዕድሉ የሚበልጠውን ርዕስ ቀድሞ ማንበብ ትክክል ይመስላል፤ ነገር ግን መለካት ያለበት በአንድ ሰዓት ንባብ የሚጨመረው ማርክ ነው።

ፈተናው 40 ጥያቄ አለው እንበል። በግምቷ ስለ አመክንዮ ስሕተቶች ከሚያወራው ምዕራፍ 5፣ 12 ጥያቄ ይመጣል፣ ስለ ዓረፍተ ነገር ዓይነቶች ከሚያስተምረው ምዕራፍ 6 ደግሞ 10። ምዕራፍ 5ን አሁን ብትፈተን 4 ታገኛለች፤ አንድ ሰዓት ተኩል ካነበበች 9 ልታገኝ ትችላለች። ጭማሪው 5 ነው፣ በሰዓት 3 ከምናምን። ምዕራፍ 6ን አሁን በግምት ብቻ ብትሠራ 2 ታገኛለች፤ በአንድ ሰዓት ከሩብ ግን 8 ልትደርስ ትችላለች። ጭማሪው 6 ነው፣ በሰዓት 5 ሊሞላ ትንሽ የቀረው። ስለዚህ ጥያቄው የሚያንሰው ምዕራፍ 6 ይቀድማል።

ምክንያቱ ከትምህርቱ ባሕርይ ይመነጫል። ምዕራፍ 6 አራት የዓረፍተ ነገር ዓይነቶችንና ጥቂት የመገልበጫ ሕጎችን ብቻ ነው የሚያስተምረው። «ሁሉም ላሞች እንስሳት ናቸው» ሲገለበጥ «ሁሉም እንስሳት ላሞች ናቸው» ይሆናል፣ ይህም ሐሰት ነው። «የትኛውም ድመት ውሻ አይደለም» ግን ቢገለበጥም እውነት ነው። ይህ አንዴ ከገባት አሥሩንም ጥያቄዎች በዚያው መሣሪያ ትሠራለች። ምዕራፍ 5 ግን ሃያ የሚያህሉ ስሕተቶችን አንድ በአንድ ማወቅ ይጠይቃል።

ለፍልስፍና መግቢያው ከተገመቱት 5 ጥያቄዎች 3ቱን ቀድማ ታውቃቸዋለች፤ አንድ ሰዓት ቢሰጠው ቢበዛ አንድ ማርክ ይጨምራል። ምዕራፍ 3 እና 4 እያንዳንዳቸው 3 ጥያቄ ብቻ አላቸው። ሦስቱም ይታለፋሉ። ምዕራፍ 2 ግን ከሁሉም ይቀድማል፤ መነሻ ሐሳብና ድምዳሜ ምን እንደሆኑ ሳያውቁ የአመክንዮ ስሕተትን መለየት አይቻልምና። 45 ደቂቃ ይበቃዋል፤ በራሱም 3 ማርክ ይጨምራል። በዚህ አካሄድ ከ40 ጥያቄ 14 የነበረው ግምት ወደ 28 ይወጣል።

አሁን የማንበቡ መንገድ ይቀራል። ማሳጠር አንድ አደጋ አለው፦ ምሳሌዎችን ይጥላል፣ ፈተናው ደግሞ የሚያመጣው ምሳሌ ነው። «ጥቁር ድመት መንገድ ካቋረጠች በኋላ ታክሲው ተበላሸ፤ ያበላሸችው ድመቷ ናት» የሚለው የተሳሳተ ምክንያት ነው። «ያየኋቸው ሁለት የባሕር ዳር ልጆች ዋናተኞች ናቸው፤ ስለዚህ የባሕር ዳር ልጅ ሁሉ ዋናተኛ ነው» የሚለው የችኮላ ድምዳሜ ነው። ትርጉማቸውን የሸመደደ ተማሪ እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያያቸው ይምታቱበታል። ስለዚህ በወረቀቷ ላይ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ትርጉሙን ትታ አንድ ምሳሌ ትጽፋለች።

ከዚያ ሞጁሉን ትዘጋለች። በ2006 በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሮዲገርና ካርፒክ ተማሪዎችን አጭር ጽሑፍ አስነበቡ። አንዱ ወገን ደግሞ አነበበው፤ ሌላው ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ፣ 81 ለ75። ከሁለት ቀን በኋላ ግን 54 ለ68 ተበለጡ። የእኩለ ሌሊቱ ማታለያ ይኸው ነው፦ ደጋግሞ ያነበበ ተማሪ ሞጁሉን ሲዘጋ ሁሉን የያዘ ይመስለዋል፣ ጠዋት ግን ወረቀቱ ባዶ ይሆንበታል። ስለዚህ ምዕራፍ 6ን እንደጨረሰች ከወርክሺቱ አሥር ጥያቄ መልስ ሳታይ ትሠራለች። ከአምስት በታች ካገኘች ሃያ ደቂቃ ትጨምርበታለች፤ ያ ጊዜ የሚቀነሰው ከምዕራፍ 5 ብዙም ከማይጠየቁት ስሕተቶች ነው።

ሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ታቆማለች። በሎስ አንጀለስ 535 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ለ14 ቀናት የጥናትና የእንቅልፍ ማስታወሻ ይዘው ነበር። በ2013 የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው ተማሪዎች እንቅልፋቸውን ቀንሰው ከወትሮው በላይ ባጠኑ ማግስት ትምህርቱ አልገባ ይላቸው፣ ፈተናም ይበላሽባቸው ነበር። በታለፉት ሦስት ምዕራፎች ሊገኙ የሚችሉት ጥቂት ማርኮች የምዕራፍ 6ን ስምንት ማርክ አደጋ ላይ ለመጣል የሚያበቁ አይደሉም።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስትነሳ ሞጁሉን አትነካም። በባዶ ወረቀት ላይ አራቱን የዓረፍተ ነገር ዓይነቶችና የትኛው ሲገለበጥ እውነት ሆኖ እንደሚቀር ትጽፋለች፤ ከሥሩ የስሕተቶቹን ምሳሌ ታሰፍራለች። ያጠረውን ወረቀት የምትገልጠው ከዚያ በኋላ ነው፣ ያልመጣላትን ለይታ ለማየት ብቻ።