የሥራ ማመልከቻን ከማስታወቂያው ጋር ስለ ማመሳከር

አንድ መሥሪያ ቤት ክፍት የሥራ ቦታ መኖሩን በማስታወቂያ በገለጠ ጊዜ፤ ማመልከቻዎችን የሚያጣራው የሠራተኛ አስተዳደር ጸሐፊ በመጀመሪያ የአመልካቹን ጠባይና ትጋት አይመረምርም። የሚመረምረው በማስታወቂያው የተጠየቀው ችሎታ በደብዳቤው መነገሩንና ለተነገረውም ቃል ማስረጃ መያያዙን ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ከመግባቱ አስቀድሞ አመልካቹ ራሱ፤ ወይም የጽሕፈት ቤት ሥራ የሚያውቅ ዘመድ ቢኖረው እርሱ፤ በጸሐፊው ዓይን ሊያየው ይገባል።

ምርመራው የሚጀመረው ከደብዳቤው ሳይሆን ከማስታወቂያው ነው። ደብዳቤውን አስቀድሞ ያነበበ ሰው በአነጋገሩ ማማር ይሳባልና፤ የጐደለውን ነገር ሳያስተውል ያልፋል። ማስታወቂያውን በእርሳስ እያሰመሩ እያንዳንዱን ጥያቄ ለብቻው ማውጣት፤ ከዚያም ለእያንዳንዱ መልስ የሚሆነውን ዐረፍተ ነገር በደብዳቤው፤ ማስረጃውንም በአባሪው መፈለግ ይሻላል።

ለምሳሌ ያህል፤ አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ለዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛነት የሚፈልገው ሰው በአካውንቲንግ ወይም በንብረት አስተዳደር በደረጃ 4 የተመረቀ፤ የብቃት ምዘና ማረጋገጫ ያለው፤ ከምረቃ በኋላ በግምጃ ቤት ሥራ 2 ዓመት ያገለገለና በቂ ዋስ ማቅረብ የሚችል ነው እንበል። በ2012 ዓ. ም. ሰኔ ወር የተመረቀች አንዲት ወይዘሪት ደግሞ፤ «በአካውንቲንግ በደረጃ 4 ተመርቄአለሁ፤ በአንድ ትምህርት ቤትም ከ2 ዓመት በላይ አገልግያለሁ፤ ታታሪና ታማኝ ነኝ» ብላ ጽፋለች።

የትምህርቱ ጥያቄ ተመልሷል። የብቃት ምዘናው ወረቀት በእጅዋ ሳለ በደብዳቤው አልተነሣም፤ ስለ ዋስም አንድ ቃል የለም። እነዚህ በሁለት መስመር የሚታረሙ ናቸው። ታታሪና ታማኝ መባሉ ግን ለየትኛውም ጥያቄ መልስ ስላልሆነ ቢቀር አይጐዳም።

ከባዱ ነገር የሥራ ልምዱ ነው። የትምህርት ቤቱ የምስክር ወረቀት ሲነበብ፤ ከሐምሌ 1 ቀን 2013 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2014 ዓ. ም. በጽሕፈት ሥራ፤ ከሐምሌ 1 ቀን 2014 እስከ መጋቢት 30 ቀን 2016 ዓ. ም. በዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛነት እንዳገለገለች ይናገራል። በጠቅላላው 33 ወር ስለሚሆን «ከ2 ዓመት በላይ» ማለቷ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ማስታወቂያው የጠየቀው የግምጃ ቤት ሥራ ነውና፤ ጸሐፊው የሚቈጥርላት ጳጉሜን ሳይጨመር 21 ወር ብቻ ነው። በ3 ወር ጕድለት ከተራ ትወጣለች። አብዛኛው አመልካች የሚወድቀው በዚህ ነው፤ የአገልግሎቱን ዘመን በሙሉ ይደምራል እንጂ በሥራው መደብ ለይቶ አይቈጥርም።

ይህች ወይዘሪት ግን ከታኅሣሥ 1 እስከ ሚያዝያ 30 ቀን 2013 ዓ. ም. በአንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ዕቃ ስትጠብቅ የቆየችበትን 5 ወር፤ ጥቂት መስሏት ትታው ነበር። ይህ ሲጨመር 26 ወር ይሆናል። ሆኖም ማኅበሩ የሰጣት ወረቀት «ሠራተኛችን ነበረች» ከማለት በቀር የሥራውን መደብ አይገልጥም። ወደ ማኅበሩ ተመልሳ የሥራው መደብ፤ የተጀመረበትና ያበቃበት ቀን፤ ደመወዙና የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ የተጻፈበትን ወረቀት ማውጣት ይኖርባታል። የመንግሥት ባልሆነ ድርጅት የተገኘ ልምድ ያለ ግብሩ ማስረጃ ብዙ ጊዜ አይያዝምና።

ከዚህ በኋላ ደብዳቤው እንዲህ ሊል ይችላል፤ «በኅብረት ሥራ ማኅበር 5 ወር፤ በትምህርት ቤት 21 ወር፤ በድምሩ 26 ወር በዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛነት አገልግያለሁ፤ በትምህርት ቤቱም ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ፤ በሞዴል 22 ወጪ እያደረግሁ ቢን ካርድ ስመዘግብ ቆይቻለሁ፤ ማስረጃዎቹ በአባሪ 3 እና 4 ተያይዘዋል»። የሞዴሎቹ መጠራት ለጌጥ አይደለም፤ ሥራውን በእጁ የሠራ ሰው መሆኑን ጸሐፊው የሚለይበት ነው።

በማስታወቂያው «ወይም» የሚለው ቃል ከተጠቀሱት አንዱ እንደሚበቃ፤ «እና» የሚለው ሁሉም እንደሚያስፈልግ ያመለክታል። «ወይም ተመሳሳይ» የሚል ሲጨመር ግን ተመሳሳይነቱን የሚወስነው መሥሪያ ቤቱ እንጂ አመልካቹ አይደለም፤ ስለዚህ የመመዝገቢያው ቀን ሳያልፍ ሄዶ መጠየቅ ያሻል። ማኅበሩ ወረቀቱን ባይሰጣት ኖሮ ልምዷ በ21 ወር ይቀር ነበር፤ የደብዳቤው አጻጻፍ ያንን ሊሞላው አይችልም። ቀን አስረዝሞ መጻፍም ከተቀጠሩ በኋላ ሲደረስበት ከሥራ ያስወግዳል፤ በሕግም ያስጠይቃል።

በመጨረሻ የሥራው መደብ መጠሪያና የመሥሪያ ቤቱ ስም ይታያል፤ ለሌላ ቦታ ከተጻፈ ደብዳቤ የተቀዳ እንደ ሆነ የቀድሞው ስም ከግርጌ ተረስቶ ይገኛልና።