የተመለሰ ዕቃ በሦስት መዝገብ

ሽያጭ መመዝገብ ብዙ አያስቸግርም። ዕቃው ከስቶር ይወጣል፣ ደረሰኝ ይቆረጣል፣ ሂሳቡ ይያዛል። መዝገቦች የሚጣሉት ከተሸጠው ውስጥ ጥቂቱ ተመልሶ ሲመጣ ነው። ገንዘቡን ገንዘብ ያዡ፣ ዕቃውን ስቶር ጠባቂው፣ የደንበኛውን ዕዳ ደግሞ ሂሳብ ሠራተኛው ይነካዋል። ሦስቱ በየራሳቸው ከሠሩ በወሩ መጨረሻ ሦስት የማይገናኙ ቁጥሮች ይቀመጣሉ።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንከተለው። መርካቶ የቤት ዕቃ የሚያከፋፍል ነጋዴ፣ በጥቅምት ወር ለአንድ ቸርቻሪ 40 ፔርሙዝ ሸጠ እንበል። የአንዱ ዋጋ 1,000 ብር ሲሆን ብዛት ስለገዛ 10 በመቶ ተቀንሶለት በ900 ብር ወሰደ። ሽያጩ 36,000 ብር፣ 15 በመቶው ቫት 5,400 ብር፣ ጠቅላላው 41,400 ብር ነው። ቸርቻሪው 20,000 ብር ከፈለና 21,400 ብር በዱቤ ቀረበት። ነጋዴው ራሱ እያንዳንዱን ፔርሙዝ በ700 ብር ነበር የገዛው።

በኅዳር ወር ቸርቻሪው 6 ፔርሙዝ ይዞ መጣ። አራቱ ከካርቶናቸው ያልወጡ ደህና ዕቃዎች ናቸው፤ ሁለቱ ግን የውስጥ መስታወታቸው ተሰንጥቋል። ሌሎች 3 ደግሞ ውጫቸው ተጭሯል። እነሱን አልመልስም፣ በቅናሽ ልሸጣቸው አለ፤ በእያንዳንዱ 200 ብር እንዲቀነስለት ተስማሙ።

እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀው ቀርበዋል። ስድስቱ ዕቃም ገንዘብም የተመለሰባቸው ናቸው። በሦስቱ ግን የተቀነሰው ገንዘብ ብቻ ነው፤ ዕቃው ቸርቻሪው ዘንድ ቀርቷል። ስለዚህ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ሁለት ጥያቄ መነሳት አለበት፦ ስንት ብር ይቀነሳል? ዕቃውስ ተመልሷል ወይ፣ ከተመለሰ በምን ሁኔታ ላይ ነው? የመጀመሪያው መልስ ወደ ደንበኛው ሂሳብ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ወደ ስቶር ካርድ።

የገንዘቡን እናስላ። የተመለሱት ስድስቱ የሚታሰቡት በ1,000 ሳይሆን ቸርቻሪው በገዛበት በ900 ብር ነው። በዋናው ዋጋ ቢታሰቡ ነጋዴው ያልተቀበለውን ገንዘብ በሰጠ ነበር። 6 ጊዜ 900፣ 5,400 ብር ይሆናል። የሦስቱ ቅናሽ 600 ብር ነው። ድምሩ 6,000፣ ቫቱ 900፣ ጠቅላላው 6,900 ብር። ቫቱን የሚረሳ ብዙ ነው፤ ሽያጩ ሲቀንስ በላዩ ላይ የተሰበሰበውም ታክስ አብሮ መቀነስ አለበት።

ይህን 6,900 ብር ለደንበኛው የሚያረጋግጥለት ሰነድ ክሬዲት ኖት ይባላል። የራሱ ተራ ቁጥርና ቀን አለው፤ የተነሣበትን የሽያጭ ደረሰኝ ቁጥር፣ የዕቃውን ዓይነትና ብዛት፣ ምክንያቱንና የቫቱን መጠን ለይቶ ይጽፋል። የጥቅምቱን ደረሰኝ መሰረዝ ወይም ቁጥሩን ማረም ግን አይገባም። ያ ደረሰኝ በጥቅምት ቫት ማስታወቂያ ላይ ገብቷል፤ ቸርቻሪውም በእጁ ይዞታል። ማስተካከያው የሚሠራው መመለሱ በተፈጸመበት በኅዳር ወር ነው፤ ቸርቻሪውም የቫት ተመዝጋቢ ከሆነ በግዢው ላይ ያቀናነሰውን ቫት በ900 ብር ዝቅ ያደርጋል። በሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የሚሸጥ ደግሞ ጥያቄውን በተመላሽ መዝገብ ካሰፈረ በኋላ ነው የተመላሽ ደረሰኝ የሚያወጣው።

ቸርቻሪው ገና ዕዳ ስላለበት ከካሽ ሳጥን አንድም ብር አይወጣም። ዕዳው ከ21,400 ወደ 14,500 ብር ይወርዳል፤ በቃ። ክሬዲት ኖቱ ተሰጥቶት በተጨማሪ ገንዘብ ከተከፈለው ግን አንድ መመለስ ሁለት ጊዜ ተከፈለ ማለት ነው።

አሁን ወደ ስቶር እንሂድ። ስቶር ጠባቂው ስድስቱን ተረክቦ ይመረምራል፤ አራት ደህና፣ ሁለት የተሰበረ ብሎ በተመላሽ መረከቢያ ላይ ይፈርማል። ካርዱ ላይ ስድስቱም ገቢ ይሆናሉ፤ ሁለቱ ወዲያው ወደ ተበላሸ ዕቃ መደርደሪያ ወጪ ይደረጋሉ። “የተሰበረ ምን ያደርጋል” ብሎ ሳይመዘግቡ መጣል፣ በክሬዲት ኖቱ ላይ ስድስት፣ በካርዱ ላይ አራት የሚል ልዩነት ይተዋል።

ዕቃው ወደ ክምችት የሚመለሰው ሲሸጥ በወጣበት በ700 ብር ነው። በመሃል አዲስ ፔርሙዝ በ780 ብር ገብቶ ቢሆንም የተመለሱት በ780 አይታሰቡም፤ ከታሰቡ ማንም ያላተረፈው ትርፍ በመዝገብ ላይ ይፈጠራል። በ900 መመዝገብማ ጨርሶ ስህተት ነው፤ እሱ የመሸጫ ዋጋ ነው። የተጫሩት ሦስቱ ደግሞ ካርዱን አይነኩትም።

በሌጀር ላይ ሁሉም በሦስት ምዝገባ ያልቃል፦

1. የሽያጭ ተመላሽና ቅናሽ 6,000 ዴቢት፣ ተከፋይ ቫት 900 ዴቢት፣ የቸርቻሪው ተሰብሳቢ ሂሳብ 6,900 ክሬዲት።
2. የዕቃ ክምችት 4,200 ዴቢት፣ የተሸጡ ዕቃዎች ዋጋ 4,200 ክሬዲት።
3. የተበላሸ ዕቃ ኪሳራ 1,400 ዴቢት፣ የዕቃ ክምችት 1,400 ክሬዲት።

ተመላሹን በራሱ ሂሳብ መያዝ ከሽያጩ ላይ በቀጥታ ከመቀነስ ይሻላል፤ የትኛው ዕቃ አዘውትሮ እንደሚመለስ ያሳያል። በሦስቱም ምዝገባ ላይ የክሬዲት ኖቱ ቁጥር ይጻፋል፤ በስቶር ካርዱም ላይ እንዲሁ። መዝገቦቹን የሚያስተሳስራቸው ያ አንድ ቁጥር ነው።

ውጤቱን በሌላ መንገድ ማመሳከር ይቻላል። ከመመለሱ በፊት ትርፉ 36,000 ሲቀነስ 28,000፣ ማለትም 8,000 ብር ነበር። አሁን የተጣራው ሽያጭ 30,000 ብር ነው፤ ቸርቻሪው ዘንድ የቀሩት 34 ፔርሙዞች የተገዙት በ23,800 ብር ነው፤ ስብራቱ 1,400 ብር ነው። የቀረው 4,800 ብር ይሆናል። ሦስቱ ምዝገባዎችም ትርፉን በ3,200 ብር ስለሚቀንሱት እዚያው ያደርሳሉ።

ሲሳሳት ልዩነቱ ራሱ ጠቋሚ ነው። በቆጠራ ዕቃው ከካርዱ በልጦ ከተገኘ ምናልባት ዕቃ ተመልሶ ገቢ አልተደረገም። ክሬዲት ኖት እየበዛ ዕቃው ከካርዱ ካነሰ ደግሞ ያልመጣ ዕቃ መጣ ተብሎ ገንዘብ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ዕቃውን የሚረከበው፣ ክሬዲት ኖቱን የሚያጸድቀውና ገንዘቡን የሚከፍለው አንድ ሰው መሆን የሌለበት። ደንበኛው የያዘው ቀሪ ዕዳ ከነጋዴው መዝገብ ጋር ካልገጠመ፣ መጀመሪያ የሚፈለገው ያልተመዘገበ ክሬዲት ኖት ነው።

ማመሳከር የማይይዘው አንድ ስህተት አለ። የተሰነጠቁት ሁለቱ ደህና ተብለው መደርደሪያ ላይ ቢመለሱ ካርዱም፣ ሌጀሩም፣ ቆጠራውም ይገጥማሉ፤ ክምችቱ ግን በ1,400 ብር ተጋንኗል። ይህን የሚያወጣው በመረከቢያው ሰዓት ክዳኑን ከፍቶ ውስጡን ያየ ሰው ብቻ ነው።