ያልተቆጠረ ትንፋሽ

የነርሲንግ ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ሆስፒታል ሲወጡ ከሚታዘዟቸው ነገሮች አንዱ «ሪፍሌክሽን» ጽፎ ማስገባት ነው። ትእዛዙ ሲሰሙት ቀላል ነው፤ በዋርድ ውስጥ ያጋጠመህን አንድ ነገር ጻፍ፣ ከእሱ የተማርከውንም ግለጽ። አብዛኛው ተማሪ ሁለቱን ገጽ በትረካ ይሞላና ቦታው ሲያልቅበት «ከዚህ ገጠመኝ ብዙ ተምሬያለሁ፤ ለወደፊቱ ጥንቃቄ አደርጋለሁ» ብሎ ይዘጋዋል። መምህሩ «ትንተና የለውም» ብሎ ይመልስለታል። ትንተና ምን እንደሆነ ቢያውቅ ኖሮ ግን መጀመሪያውኑ ይጽፈው ነበር። ስለዚህ አንድ ገጠመኝ ይዘን የሆነውን ከመናገር ወደ መመርመር፣ ከመመርመርም የተማሩትን ለይቶ ወደ መጻፍ እንዴት እንደሚኬድ እንከተለው።

ገጠመኙን ያዘጋጀሁት ለማሳያ ነው፤ ሰዎቹ በእውን የሉም። ጉዳዩ ግን በዋርድ ውስጥ የሠራ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ተማሪዋ መጀመሪያ የጻፈችው ይህን ነው፦

«ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከክፍል ጓደኛዬ ጋር በቀዶ ሕክምና ዋርድ ቫይታል ሳይን እንድንወስድ ታዘዝን። ታካሚዎቹ 18 ነበሩ። ከእነሱ አንዱ የሆድ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ሁለተኛ ቀናቸው የሆነ አባት ናቸው። ሙቀታቸው 37.8፣ የልብ ምታቸው 104፣ የደም ግፊታቸው 110 በ70 ነበር። ትንፋሻቸውን 20 ብዬ ሞላሁ። ልጃቸው ‹ሲስተር፣ ሌሊቱን ቁጭ ብለው ነው ያደሩት› አለችኝ፤ የቁስሉ ሕመም ይሆናል ብዬ አጽናናኋት። 4 ሰዓት ላይ ተረኛዋ ነርስ ስታያቸው ትንፋሻቸው 34፣ ኦክስጅናቸው 88 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ሐኪም ተጠራ፣ ኦክስጅን ተደረገላቸው፤ ሳንባቸው ላይ ኢንፌክሽን እንደጀመረ ታወቀ። በጣም ደነገጥኩ፣ አዘንኩም። ለወደፊቱ ሥራዬን በጥንቃቄ እሠራለሁ።»

ትረካው መጥፎ አይደለም። ሰዓቱ አለ፣ ቁጥሮቹ አሉ፣ የልጅቷ ንግግር እንደተነገረ ተቀምጧል። የታካሚውም ሆነ የሆስፒታሉ ስም አልተጠቀሰም፤ ይህ ግዴታ ነው፣ ሪፍሌክሽን መምህር፣ አንዳንዴም የክፍል ጓደኛ የሚያነበው ወረቀት ነውና። ችግሩ ከመጨረሻዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ላይ ነው። ከ«አዘንኩ» ወደ «በጥንቃቄ እሠራለሁ» በአንድ እርምጃ ተዘሏል። በመካከል መኖር የነበረበት ጥያቄ አልተጠየቀም። ያቺ ትጉህ ተማሪ ያልቆጠረችውን ትንፋሽ ለምን 20 ብላ ጻፈች?

በብዙ የነርሲንግና የመምህራን ትምህርት ተቋማት ለዚህ ሥራ የሚሰጠው ማዕቀፍ ግራሃም ጊብስ የተባለ የብሪታንያ የትምህርት ባለሙያ በ1988 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ነው። ስድስት ደረጃ አለው፦ የሆነውን መግለጽ፣ የተሰማን መናገር፣ የበጀውንና ያልበጀውን መመዘን፣ መተንተን፣ መደምደም፣ በመጨረሻም ቀጣዩን ተግባር ማቀድ። ተማሪዎች ስድስቱን እንደ ቅጽ ሲያዩዋቸው ለእያንዳንዱ አንዳንድ አንቀጽ ይመድባሉ፤ ያኔ ትንተናው ከስድስት አንድ እጅ ብቻ ይደርሰዋል። እኔ ክብደቱ እኩል መሆን የለበትም ባይ ነኝ። የገጹ ግማሽ ያህል ለአራተኛው ደረጃ ቢሄድ፣ የመጀመሪያው ደግሞ በአንድ አንቀጽ ቢያበቃ ይሻላል። ስሜትም ቢሆን ቦታው የሚገባው ሥራውን እንዴት እንደነካ ሲያሳይ ነው። ከጥፋት በኋላ የመጣው ድንጋጤ የሚነግረን ጥቂት ነው፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የነበረው ጥድፊያ ግን ብዙ ይነግረናል።

ትንተና የሚጀምረው በዚያች ሰዓት ድርጊቱ ለሠሪው ትክክል ሆኖ የታየበትን ምክንያት በመፈለግ ነው። «ቸልተኛ ስለነበርኩ» ማለት መልስ አይሆንም፤ ራስን መውቀስ ምርመራውን እዚያው ያስቆመዋል። «ተረኛዋ ነርስ አላስተማረችንም» ማለትም በሌላ ሰው ስም ያንኑ ያደርጋል። ተማሪዋ ወደዚያ ጠዋት ተመልሳ ምን እንዳየች፣ ምን እንደያዘች፣ ምን እንደቸኮለች ብትጠይቅ ሁለተኛው ጽሑፏ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«የሐኪሞች ዙር 3 ሰዓት ላይ ስለሚጀምር ቻርቶቹ ከዚያ በፊት መሞላት ነበረባቸው። የግፊት መለኪያ ማሽኑ ግፊቱንና የልብ ምቱን አንድ ላይ ያወጣል፣ ቴርሞሜትሩም ሙቀቱን ይነግረኛል። ትንፋሽን ግን መሣሪያ አይሰጠኝም፤ አጠገባቸው ቆሜ ሰዓቴን እያየሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ መቁጠር አለብኝ። ለ18 ሰው 18 ደቂቃ ማለት ነው። ቻርቱን ስገልጥ ከእኔ በፊት የተሞሉት ሁሉ 20 ነበሩ። ከዚያ የተለየ ቁጥር ብጽፍ የተሳሳትኩ እኔ የምሆን መሰለኝ። ሳላስበው 20ን እንደ ልማዳዊ መሙያ ወስጄው ነበር።»

አሁን ምክንያት መታየት ጀመረ። ከአራቱ መለኪያዎች የተዘለለው የቱ እንደሆነና ለምን እሱ እንደተዘለለ ታውቋል፤ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀውና ባይሠራ የማይታወቀው ነው። የፊተኞቹ ቁጥሮችም ለካ እሷን ሲመሯት ኖሯል። ይህ ሁሉ ግን ገና ከራሷ ትዝታ የወጣ ነው። ትንተና ሁለተኛ ምንጭ ይፈልጋል፤ ትምህርቱ ስለ ጉዳዩ ምን ይላል? ጽሑፉ ይቀጥላል፦

«ዕረፍት ላይ ያለ አዋቂ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ሆዱ የተቀደደ ሰው ሕመሙን ፈርቶ በጥልቀት አይተነፍስም፣ አይስልምም፤ የሳንባው የታችኛው ክፍል በደንብ አይከፈትም፣ አክታ ይጠራቀማል፣ ለኢንፌክሽን ይመቻል። ኦክስጅን ሲያንስ ሰውነት መጀመሪያ ከሚያደርጋቸው ነገሮች አንዱ ትንፋሽን ማፍጠን ነው። የደም ግፊት ግን እስከ መጨረሻው ድረስ ደህና ሊመስል ይችላል። እኔን ያረጋጋኝ ያ 110 በ70 ነበር። የልብ ምታቸው 104 መሆኑና ሙቀታቸው ትንሽ ከፍ ማለቱ አንድ ነገር ሊነግሩኝ ሲሞክሩ ትንፋሹ ከጎናቸው አልነበረም። ልጃቸው ‹ቁጭ ብለው ነው ያደሩት› ስትለኝም የነገረችኝ ስለ ትንፋሻቸው ነበር። ተኝቶ መተንፈስ የሚቸግረው ሰው ቁጭ ይላል። እኔ ግን ለቃሏ መልስ ሰጠሁ እንጂ ወደ አባቷ ደረት አልተመለከትኩም።»

የልጅቷ ንግግር በመጀመሪያው ጽሑፍ እንደ ዋዛ ያለፈ ነገር ነበር። በሁለተኛው የጽሑፉ እምብርት ሆነ። ደህና ትንተና መሠራቱ ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ በትረካው ውስጥ ተራ መስሎ የተቀመጠ ዝርዝር ክብደቱን ይለውጣል። ይህ የሚሆነው ትረካው ሐቀኛ ሲሆን ብቻ ነው። ተማሪዋ ንግግሯን «አስታማሚዋ ቅሬታ አቀረበች» ብላ ጠቅልላው ቢሆን ኖሮ ወደኋላ ተመልሳ የምታገኘው ነገር አይኖርም ነበር።

በማስተማር ልምምድ ላይ ያለ ዕጩ መምህርም መንገዱ ያው ነው። «ጥያቄ ጠየቅኳቸው፣ ተማሪዎቹ ዝም አሉ፣ መልሱን ራሴ ነገርኳቸው» ብሎ የጻፈ ሰው «ተማሪዎቹ አልተዘጋጁም» ብሎ ቢደመድም ትንተና አልሠራም። ጠይቆ ስንት ሰከንድ እንደጠበቀ ቢያስብ ግን ሜሪ በድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ያሳየችው ነገር ይጠቅመዋል፤ መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት ብዙውን ጊዜ አንድ ሰከንድ ያህል ነው፣ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ ግን የተማሪዎቹ መልስ ይረዝማል፣ የሚመልሱትም ይበዛሉ። ያኔ ዝምታው የማን እንደነበር ጥያቄው ይከፈታል።

ወደ ነርሷ ተማሪ እንመለስ፤ የተማረችውን መጻፍ ቀርቷታል። «በጥንቃቄ እሠራለሁ» ለማንኛውም ገጠመኝ ስለሚሆን የትኛውም ገጠመኝ አላስተማረውም ማለት ነው። የተማሩት ነገር በሚቀጥለው ተረኝነት ሌላ ሰው ቆሞ ሊያየው የሚችል መሆን አለበት። ለእሷ እንዲህ ይሆናል፦ «የልብ ምት የምቆጥር መስዬ እጃቸውን እንደያዝኩ፣ ሳልነግራቸው ትንፋሻቸውን አንድ ደቂቃ እቆጥራለሁ፤ እንደሚቆጠርበት ያወቀ ሰው አተነፋፈሱን ይለውጣልና። ያልቆጠርኩትን ባዶ እተዋለሁ እንጂ አልሞላም። አስታማሚ ስለ ታካሚው ለውጥ ሲነግረኝ ከመመለሴ በፊት ታካሚውን አያለሁ፣ ለተረኛዋ ነርስም እነግራለሁ።»

ሁለት ነገር ግን ይህን ሥራ ያበላሸዋል። አንደኛው ነጥብ ነው። ያልቆጠረችውን ቁጥር መጻፏን በግልጽ ያመነች ተማሪ ነጥቧ ቢቀነስ፣ በሚቀጥለው ሳምንት የምታቀርበው ማንም የማይቆጣበት የለሰለሰ ታሪክ ይሆናል። መምህሩ የሚያርመው የምርመራውን ጥልቀት እንጂ ጥፋቱን እንዳልሆነ አስቀድሞ መናገር አለበት፤ ለታካሚ አደጋ የሆነ ነገር ሲጻፍ ግን ዝም እንደማይልም እንዲሁ። ሁለተኛው ሁሉንም በተማሪው ትከሻ ላይ መጫን ነው። ሁለት ተማሪ ለ18 ታካሚ፣ ሁሉም ከ3 ሰዓት በፊት መባሉ የዋርዱ አሠራር ነው። እውነተኛ ትንተና ይህንንም ይጽፋል፣ የእኔ ድርሻ የቱ ነው፣ የአሠራሩ ድርሻ የቱ ነው ብሎ ይለያል።

በብሪታንያ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ነርሶች ይህን ከትምህርት ቤት በኋላም ያገኙታል። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚያ አገር ያለ ነርስ ምዝገባውን በየሦስት ዓመቱ ለማደስ አምስት የሪፍሌክሽን ጽሑፎች ማዘጋጀትና ከሌላ የሙያ ባልደረባ ጋር መወያየት ይጠበቅበታል። ውይይቱ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው፤ ለብቻ የተጻፈ ሪፍሌክሽን የራስን ምክንያት መልሶ ለራስ መንገር ይሆናልና።

ለተማሪዎችም ይህ ቢደረግ ጥሩ ነው። የሚቀጥለው ሳምንት ጽሑፍ ካለፈው ዕቅድ ቢጀምር ትምህርቱ መያዙ ይፈተናል። የእኛዋ ተማሪ ዕቅዷን ስትሞክር ሰዓቱ ቀድሟት የስድስት ታካሚዎች ትንፋሽ ሳይቆጠር፣ ቻርቱም ባዶ ሆኖ ቀረ እንበል። ተረኛዋ ነርስ «ይሄ ለምን አልተሞላም?» ስትላት «አልደረስኩበትም ሲስተር» ትላለች። «እንግዲያው ከአዲስ ኦፕሬሽኖቹ ጀምሪ፣ ወደ ቤት ሊሄዱ የተዘጋጁትን መጨረሻ ላይ አድርጊያቸው» ትባላለች። ሁለተኛው ሪፍሌክሽን የሚጻፈው እንግዲህ ስለ ቅደም ተከተል ነው፤ 18 ታካሚ ሲኖር ማንን አስቀድሞ ማየት እንደሚገባ፣ ይህንንም በምን ምልክት እንደሚለዩ።