የማኅበሩ ዋጋ በኩንታል፣ የገበሬው ማስታወሻ በከረጢት

ሜጫንና ደቡብ አቸፈርን በመሳሰሉ የጎጃም በቆሎ አብቃይ ወረዳዎች ገበሬው ለመኸር የሚያወጣውን ገንዘብ የሚያሰላው ከሁለት ወረቀት ነው። አንዱ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን በር ላይ የተለጠፈው የግብዓት ዋጋ ሲሆን ብዙ ጊዜ በስልክ ፎቶ ይነሳል። ሌላው በልጁ ደብተር ላይ የተጻፈው የዘር ማስታወሻ ነው። ሁለቱን አስማምቶ ማንበብ ከመደመሩ ይከብዳል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ፤ ዋጋዎቹን ለስሌት ያህል ያስቀመጥኳቸው ናቸው። ማስታወሻው «በቆሎ 2 ቃዳ። ዳፕ 2። ዩሪያ 2። ዘር 1» ይላል። ፎቶው ደግሞ ኤንፒኤስ 8,400፣ ዩሪያ 7,600፣ ምርጥ ዘር በኪሎ 104 ብር ያሳያል። ብዙ ገበሬ ኤንፒኤስንም ዳፕ ብሎ ስለሚጠራው፣ ማስታወሻው ላይ ያለው ዳፕ ዝርዝሩ ላይ ያለው ኤንፒኤስ ነው። ዋናው ጥያቄ ግን «2» የሚለው ነው። ሁለት ኩንታል ነው ወይስ ሁለት ከረጢት? ማዳበሪያ የሚመጣው በ50 ኪሎ ከረጢት ነው፤ የተለጠፈው ዋጋ ግን የኩንታል ሊሆን ይችላል። ይህን የሚናገረው የሠንጠረዡ ራስጌ ነው፤ ፎቶ ሲነሳ ብዙ ጊዜ ተቆርጦ የሚቀረውም እሱ ነው።

መልሱን መሬቱ ይነግረናል። ሁለት ቃዳ ግማሽ ሄክታር ነው። ለበቆሎ በሄክታር ሁለት ኩንታል ገደማ ኤንፒኤስ የተለመደ ስለሆነ፣ ለግማሽ ሄክታር አንድ ኩንታል ማለትም ሁለት ከረጢት ይበቃል። ማስታወሻውን ሁለት ኩንታል ብሎ ያነበበ ሰው የማዳበሪያ ወጪውን እጥፍ አድርጎ ይጽፋል፣ ያን ያህል ብርም ይበደራል። «ዘር 1» የሚለውም ይህንኑ ያጸናል፤ 12.5 ኪሎ የምትይዘው አንዷ የዘር ከረጢት የምትሸፍነው ግማሽ ሄክታር ነውና። ስለዚህ ፎቶው ሲነሳ ራስጌውና ቀኑ መግባት አለባቸው። 3 እና 8፣ 1 እና 7 በደበዘዘ ፎቶ ስለሚመሳሰሉ ዋጋውን ደብተር ላይ ገልብጦ ለመጋዘን ሠራተኛው ጮክ ብሎ ማንበብ ከሁሉ የተሻለ ማጣሪያ ነው።

አሁን ሒሳቡ ይቀላል። ኤንፒኤስ 8,400፣ ዩሪያ 7,600፣ ዘር 1,300፣ የጋሪ 300፤ በድምሩ 17,600 ብር ነው። ፎቶው የማያሳያቸው ወጪዎች ይቀራሉ። ለመጀመሪያው አረም የሚጠራው ወንፈል ቀለብ 600፣ ለሁለተኛው አረም የቀን ሠራተኛ 1,800፣ ለተምች መድኃኒት 700፣ ለአጨዳና ለመፈልፈል 2,400፣ ለጆንያ 1,000። ጠቅላላው 24,100 ብር ይሆናል። የራሱ በሬ የሌለው ደግሞ የእርሻውን ኪራይ ይጨምርበታል።

ብዙዎች እዚህ ያቆማሉ። እኔ ግን ከድምሩ ይልቅ ቤተሰቡ የሚበላው እህል ያሳስበኛል። ምርቱ 20 ኩንታል ቢሆን ወጪው ለኩንታል 1,205 ብር ይደርሳል፤ ሲያዩት ያጓጓል። ሆኖም 8 ኩንታሉ ለቀለብ ከቀረ ብር የሚያመጣው 12ቱ ብቻ ነው። ያወጡትን ጥሬ ገንዘብ ለመመለስ እያንዳንዱ ኩንታል 2,008 ብር ገደማ መሸጥ አለበት። በ2,500 ቢሸጥ 30,000 ይገባል፣ 5,900 ይተርፋል። ተምች ወይም የዝናብ መቋረጥ ምርቱን ወደ 14 ኩንታል ቢያወርደውስ? የሚሸጠው 6 ኩንታል ብቻ ስለሚሆን 15,000 ብር ይገባል፣ 9,100 ይጎድላል። ምርቱ የቀነሰው ከሲሶ ባነሰ ነው፤ የሚሸጠው ግን በግማሽ ቀነሰ። ተበድሮ የሚዘራ ሰው ከመፈረሙ በፊት ይህን ሁለተኛ ስሌት ማየት አለበት።

ከዚያ ወጪው በወር ይደለደላል። ሁሉም ግብዓት በግንቦት ከተገዛ 17,600 ብር በአንድ ጊዜ ይወጣል፤ ሰኔና ሐምሌ ለአረምና ለመድኃኒት 3,100፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ለአጨዳ፣ ለመፈልፈልና ለጆንያ 3,400 ይፈልጋሉ። በመካከሉ ከበቆሎው የሚገባ ነገር የለም። ሐምሌ ላይ ብር ያጣ ገበሬ ሁለተኛውን አረም ይዘላል፣ ያ ደግሞ ከምርቱ ላይ ይቀነሳል። ለዚህ ነው የአረሙ 1,800 ብር ማዳበሪያው ሳይገዛ ለብቻው መቀመጥ ያለበት።

ዩሪያው በቆሎው ጉልበት ሲደርስ የሚጨመር ስለሆነ ግዢውን ወደ ሐምሌ ማሻገር የግንቦቱን ሸክም ወደ 10,000 ብር ያወርደዋል። ይህ የሚሠራው ግን ማኅበሩ በሐምሌም ዩሪያ እንደሚኖረው በእርግጠኝነት ከተናገረ ነው። ካላረጋገጠ ለዩሪያው ሲባል አንድ በግ በግንቦት መሸጥ፣ በሐምሌ ከነጋዴ በውድ ከመግዛት ይሻላል።