ባለቤቱ ባሕር ማዶ፣ ቁልፉ በፖስታ

ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ቤት የሚፈልግ ሰው እንዲህ ያለ ማስታወቂያ አገኘ እንበል፦ ባለ ሦስት መኝታ ሙሉ ቤት፣ ጓሮ ያለው፣ በወር 1,400 ዶላር። ዋጋው ከሰፈሩ ኪራይ በጣም ይረክሳል። መልእክት ሲልክ መልሱ ወዲያው ይመጣል። «ለሥራ ውጭ አገር ነኝ፤ ከገንዘቡ ይልቅ ቤቴን እንደ ራሱ የሚይዝልኝ ሰው ነው የምፈልገው። ሄደህ ከውጭ እየው፤ የአንድ ወር ኪራይና ዲፖዚቱን ስትልክ ቁልፉን በፖስታ እልክልሃለሁ።»

ሰውየው ሄዶ ሲያይ ቤቱ አለ፤ ባዶ ነው፤ ከፎቶውም ጋር አንድ ነው። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። አጭበርባሪው ግን ፎቶውንና አድራሻውን የቀዳው ቤቱን ለመሸጥ ወይም ለማከራየት ከወጣ እውነተኛ ማስታወቂያ ላይ ነው። ውጭ አገር ነኝ ማለቱም ለምን በአካል እንደማይታይ፣ ለምን በር እንደማይከፍት፣ ለምን እንዳረከሰ በአንዴ ይመልስለታል።

በእርግጥ ውጭ አገር ሆነው ቤታቸውን የሚያከራዩ ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለ ባለቤት ግን ቁልፉን ለዘመድ፣ ለደላላ ወይም ለአስተዳዳሪ ድርጅት ይተዋል፤ ቧንቧ ቢፈነዳ የሚከፍት ሰው ያስፈልገዋልና። ስለዚህ «ቁልፍ የያዘው ሰው ይክፈትልኝ፤ አይቼ እከፍላለሁ» ማለት ተገቢ ጥያቄ ነው። አጭበርባሪ ይህን ሲሰማ ሌላ ተከራይ ሊቀድምህ ነው እያለ ያጣድፋል።

ባለቤቱን ማጣራትም ይቻላል። የሜሪላንድ የንብረት መዝገብ ለሁሉም ክፍት ነው፤ አድራሻውን ብቻ አስገብቶ የባለቤቱን ስም ማየት ይቻላል። ይሁንና ስሙ ገጠመ ብሎ ማመን አይበቃም፤ አጭበርባሪውም ያንኑ መዝገብ አንብቦ በባለቤቱ ስም ሊጽፍ ይችላል። በር መከፈቱም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ተከራይ ራሱ በኮድ ከፍቶ የሚያያቸው ቤቶች ስላሉ ኮዱን አግኝቶ የሚያቀብል አለ። አስተማማኙ መንገድ አድራሻውን በኢንተርኔት ፈልጎ ዋናውን ማስታወቂያ ማግኘትና እዚያ ላይ ያለውን ደላላ ወይም ድርጅት መደወል ነው። ስልኩ መወሰድ ያለበት ከዚያ እንጂ «ባለቤቱ» ከላከው መልእክት አይደለም።

ክፍያው በዜል፣ በሐዋላ ወይም በጊፍት ካርድ ይሁን ከተባለ ገንዘቡ ከሄደ በኋላ ማስመለስ እጅግ ከባድ ነው፤ በዜል ሲሆን ባንኩ ብዙ ጊዜ ራስህ ፈቅደህ የላክኸው ነው ይላል። ቢሆንም በዚያው ሰዓት ባንክ መደወል፣ ከዚያ ReportFraud.ftc.gov እና ic3.gov ላይ ማመልከት ይገባል። ከማመልከቻው ጋር የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርና የመታወቂያ ፎቶ ተልኮ ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ከዲፖዚቱ ያልፋል፤ በስሙ ብድር እንዳይወጣ በኢክዊፋክስ፣ በኤክስፒሪያንና በትራንስዩኒየን ክሬዲቱን ማዘጋት አለበት። ለዚህ ምንም አይከፈልም።