ዲፌንሱን ያለፈ ጽሑፍ ፋይሉ ላይ ሲወድቅ

የማስተርስ ተማሪው ዲፌንሱን አልፏል፤ የፈታኞቹን እርማት አስገብቷል፤ አማካሪው ፈርመዋል። የቀረው የመጨረሻውን ፒዲኤፍ ማስገባት ብቻ ነው። ከቤተ መጻሕፍቱ የሚመጣው መልስ ግን ስለ ጥናቱ አንድም ቃል የለበትም፦ «የግራ ኅዳጉ ጠቧል፤ ያልታቀፈ ፎንት አለ፤ የማጽደቂያ ገጹ ቦታው አይደለም።»

ለዚህ ዓይነቱ መልስ በቂ ምክንያት አለ። ጽሑፉ በወረቀት ይጠረዛል፤ በዲጂታል መዝገብ ውስጥም ከዓመታት በኋላ ተማሪውን በማያውቅ ሰው ኮምፒውተር ላይ ይከፈታል። ፒዲኤፍ በ1993 ሲወጣ የታሰበው ገጽ በየትኛውም ማሽን ላይ መልኩን ሳይለውጥ እንዲታይ ነው። ይህ የሚሳካው ግን ፋይሉ የፊደሎቹን ቅርጽ በውስጡ ይዞ ሲጓዝ ነው፤ ፎንት «ታቀፈ» የሚባለውም ያኔ ነው። በ2005 የወጣው የረጅም ጊዜ ማኅደር መስፈርት፣ ፒዲኤፍ/ኤ፣ ለሚታይ ጽሑፍ ሁሉ ፎንቱ እንዲታቀፍ ያስገድዳል።

ሰነዱ በወርድ ተጽፎ በኒያላ ፎንት ቢዘጋጅ ወርድ ራሱ ፒዲኤፍ ሲያወጣ ፎንቱን አብሮ ያስገባል። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሌላ ቦታ ከተቀላቀለ ገጽ ነው። ተማሪው በአር ፕሮግራም የሠራቸውን ግራፎች በአባሪነት ጨመረ እንበል። የአር የተለመደው የፒዲኤፍ ማውጫ ሄልቬቲካን በስሙ ብቻ ይጠራል እንጂ ቅርጹን አያስገባም። ሄልቬቲካ ፒዲኤፍ አንባቢዎች ያውቋቸዋል ተብለው ከተቆጠሩት 14 መሠረታዊ ፎንቶች አንዱ ስለሆነ አንባቢው ፕሮግራም ተመሳሳይ ፎንት ይተካል፤ ግራፉም በተማሪው ስክሪን ላይ ምንም ያልጎደለው ይመስላል። እውነቱ የሚታየው በሚከተለው ትእዛዝ ነው፦

```
pdffonts thesis.pdf
```

በሚወጣው ሰንጠረዥ `emb` የሚለው ዓምድ በኒያላ ረድፍ `yes`፣ በሄልቬቲካ ረድፍ `no` ይላል። ትእዛዝ መጻፍ የማይወድ ሰው በአዶቢ ሪደር የፋይሉን `Properties` ከፍቶ `Fonts` የሚለውን ይመልከት፤ ከስሙ አጠገብ `Embedded` ወይም `Embedded Subset` ያልተጻፈበት ፎንት አልታቀፈም። መፍትሔው ግራፉን በአር `cairo_pdf` እንደገና አውጥቶ አሮጌውን ገጽ መተካት ነው።

ለአማርኛ ጽሑፍ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ፎንቶች የግዕዙን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ ያስቀምጡ ነበር። እንዲህ ያለ ፎንት ሳይታቀፍ ቀርቶ ሌላ ማሽን ላይ ሲከፈት ገጹ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ይሞላል። ቢታቀፍም ለዓይን ደህና ይመስላል እንጂ ከጽሑፉ አንድ ቃል ቀድቶ ሌላ ቦታ ቢለጥፉት ያው የላቲን ዝብርቅ ይወጣል፤ በመዝገቡ ውስጥ ቃል የሚፈልግ አንባቢም አያገኘውም።

ኅዳጉስ? ብዙ መመሪያዎች በግራ በኩል 1.5 ኢንች፣ ማለትም 38 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ በቀሩት ጎኖች ደግሞ 1 ኢንች ይጠይቃሉ። የግራው የሚሰፋው ጥራዙ ከወረቀቱ ስለሚበላ ነው። ተማሪው በወርድ ውስጥ ይህንኑ በትክክል ሞልቶ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሰነዱ በሌተር ወረቀት ልክ ተዘጋጅቶ ፒዲኤፉ በፕሪንት መስኮት በኩል ወደ ኤ4 ሲወጣ `Fit` የሚለው ምርጫ ገጹን ወደ 97 በመቶ ያሳንሰዋል፤ የግራ ኅዳጉም ወደ 37 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ወርድ ላይ የተሞላው ቁጥር ሳይለወጥ ፒዲኤፉ ላይ ያለው ይጎድላል። ስለዚህ ወረቀቱን ከመጀመሪያው ኤ4 ማድረግ፣ ፒዲኤፉንም በፕሪንት ሳይሆን በ`Save As` ማውጣት ይሻላል። ሰፊ ሰንጠረዥ ያለበት አግድም ገጽ ካለም የሚጠረዘው ጎን የገጹ ላይኛው ጠርዝ ስለሚሆን ሰፊው ኅዳግ እዚያ መዋል አለበት።

የመግቢያ ገጾቹ ቅደም ተከተል ከተቋም ተቋም ይለያያል። ብዙ ጊዜ ግን የርዕስ ገጽ፣ የማጽደቂያ ገጽ፣ የተማሪው ማረጋገጫ፣ ምስጋና፣ አኅጽሮተ ጥናት፣ ማውጫ፣ የሰንጠረዦችና የሥዕሎች ዝርዝር እየተከተሉ ይሄዳሉ። በትንንሽ የሮማ ቁጥሮች ይቆጠራሉ፤ የርዕሱ ገጽ ቢቆጠርም ቁጥሩ አይጻፍበትም፤ ምዕራፍ አንድ ከ1 ይጀምራል። እዚህ ጣጣ የሚያመጣው የተፈረመበት የማጽደቂያ ገጽ ነው። ስካን ተደርጎ መጨረሻ ላይ ሲጨመር ቦታው ካልተያዘለት ከእሱ በኋላ ያሉት የሮማ ቁጥሮች በአንድ ይዛባሉ፤ ማውጫውም አብሯቸው ይሳሳታል። ወርድ ውስጥ አስቀድሞ ባዶ ገጽ አስቀምጦ በስካኑ መተካት ይህን ያስቀራል።

የፎንቱና የኅዳጉ ምርመራ የሚደረገው ስካኑና አባሪዎቹ ሁሉ ከተዋሃዱ በኋላ፣ በሚላከው ፋይል ላይ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ገጽ ከተተካ `pdffonts` እንደገና ይሠራል።